እጁ ሚክሰር ውስጥ የገባ ሠራተኛ ስንት ይከፈለዋል?

መርሳ ከተማ ዳር የብሎኬት ማምረቻ አለ እንበል። አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት እዚያ በቀን 400 ብር ይሠራል። ውል ፈርሞ አያውቅም። ቅዳሜ ማታ ፎርማኑ ደብተሩን ገልጦ ቀኖቹን ይቆጥርና ብሩን ይሰጠዋል፤ በቃ፣ የሥራ ግንኙነታቸው ይኸው ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሚክሰሩ ውስጥ የተጣበቀ ሲሚንቶ ሲያጸዳ ማሽኑ ይነሳና የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ይቆርጠዋል። ጓደኞቹ በሻሽ ጠቅልለው በባጃጅ ወደ ሐኪም ያደርሱታል፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎለት ወልድያ ሆስፒታል ይገባል።

ልጁን ለምሳሌ ያህል ነው የፈጠርኩት። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ፣ በመርሳና በሲሪንቃ መንገድ ላይ ግንባታ፣ ወፍጮ ወይም ጋራዥ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ግን እንግዳ ታሪክ አይደለም። ከዚያ በኋላ ቤተሰብ የሚጠይቀው ጥያቄም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «አሁን ማነው የሚከፍለው?» መልሱን ሳገኘው በጣም ስለገረመኝ ለእናንተም ላካፍላችሁ ፈለግሁ። ሕጉ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ለሠራተኛው ይሰጣል፤ ገንዘቡ ግን ሰው ባላሰበው ቦታ ያመልጣል።

ሕጉ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ስለ ሥራ ላይ ጉዳት የሚናገረው ክፍል የሚጀምረው በአንድ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ሠራተኛው በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰበት አሠሪው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ኃላፊ ነው። ይህ ሐሳብ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የተጎዳ ሠራተኛ ካሳ ለማግኘት «ጥፋቱ የጌታዬ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ማስረዳት ነበረበት፤ እጁ የተቆረጠ ድኻ ደግሞ የፋብሪካ ባለቤትን ጥፋት በምን አቅሙ ያስረዳል? ያንን ሸክም ከሠራተኛው ላይ በማንሳት በሰፊው ቀዳሚ የሆነችው ጀርመን ናት፣ በ1884 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣችው የአደጋ መድን ሕግ። የእኛም ዐዋጅ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ የመርሳው ልጅ ማሽኑን ማን አስነሳው ብሎ መጨነቅ የለበትም። ማሳየት ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ የዚያ ድርጅት ሠራተኛ እንደነበረና ጉዳቱ የደረሰበት ሥራ ላይ እንደሆነ።

«አልተጠነቀቀም» የሚለው የተለመደ መልስስ? ግድ የለሽነትን ሕጉ ከአሠሪው ኃላፊነት ማምለጫ አላደረገውም። አሠሪው ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። ሆን ብሎ እንደተደረገ የሚቆጠሩትም ሁለት ናቸው፤ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ ወይም ያወጣውን የአደጋ መከላከያ ደንብ አለማክበር፣ እና ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት። እዚህ ላይ «በግልጽ የሰጠው» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ማሽኑ ሳይጠፋ እጅ አታስገቡ የሚል መመሪያ ተሰጥቶ ከነበረ፣ መቼና በማን እንደተሰጠ አሠሪው ይናገር። «ሁሉም የሚያውቀው ነው» ማለት መመሪያ መስጠት አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቤተሰብ አንድ አድርጎ «ካሳ» የሚለው ነገር በሕጉ ሦስት የተለያየ ክፍያ ነው። አንዱ ለሕክምናው፣ አንዱ ተኝቶ ላልሠራባቸው ቀኖች፣ አንዱ ደግሞ ለማይመለሱት ጣቶች። አንዱ መከፈሉ ሌላውን አያስቀርም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ የሆስፒታሉን ሒሳብ የከፈለ አሠሪ «ጨረስኩ» ይላል፣ ቤተሰብም አመስግኖ ይቀመጣል።

ሕክምናውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። በመጀመሪያ እርዳታ ይጀምራል፤ በተገቢው ማጓጓዣ በአቅራቢያ ወዳለ ሕክምና ቦታ ማድረስም የእሱ ግዴታ ነው። ስለዚህ የባጃጁ ሒሳብ ራሱ የእሱ ነበር። ከዚያ ምርመራው፣ ቀዶ ሕክምናው፣ አልጋው፣ መድኃኒቱ ይከተላል። ሰው ሠራሽ አካል ወይም የአጥንት ድጋፍ ካስፈለገም ይጨመራል። ሕክምናው መቼ ይቆማል የሚለውን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ እንጂ አሠሪው አይደለም።

በሐብሩ ወረዳ ገጠርና ከተማ ብዙ ቤተሰብ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ አለው። ልጁ ሆስፒታል ሲደርስ እናቱ ቀድማ የምታወጣው ያንን ካርድ ነው፤ ደም እየፈሰሰ ማን ሌላ ያስባል? ችግሩ ግን ያ ካርድ ጎረቤት ከጎረቤት ያዋጣው ገንዘብ መሆኑ ነው፣ አሠሪው ሊከፍለው የሚገባውን ሒሳብ ሕዝቡ ይከፍልለታል ማለት ነው። ካርዱ የማይሸፍነውን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ የገዙበት ደረሰኝም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። አሠሪው በወቅቱ ካልከፈለ ቤተሰብ ከፍሎ በኋላ ሊያስመልስ ይችላል፤ በምን? በደረሰኝ። ስለዚህ አንድ ሰው ከቤተሰቡ ደረሰኝ እንዲይዝ ቢመደብ ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

ከዚያ በላይ የምታስፈልግ አንዲት መስመር አለች። ልጁ የሆስፒታል ካርድ ሲያወጣ ባለሙያው «ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል። «ማሽን ቆረጠኝ» ካለ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ያው ነው። «ብሎኬት ማምረቻ ሥራ ላይ እያለሁ ማሽን ቆረጠኝ» ካለ ግን ከስድስት ወር በኋላ ዳኛ ፊት የሚያነሳው ማስረጃ በዚያች ደቂቃ ተጽፎ ይቀመጣል። በአደጋው ዕለት፣ ክርክር ሳይኖር የተጻፈ ቃል ከምስክር ይበልጣል።

የጠፋው ደሞዝ ጉዳይ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም የሚያስገርመው ነው። ጊዜያዊ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ በየወሩ ይከፈለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዙ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። ቢያንስ ነው፤ የኅብረት ስምምነት ያለበት ድርጅት ከዚህ በላይ ሊሰጥ ይችላል። ክፍያው የሚቆመው ሠራተኛው ድኗል ተብሎ በሐኪም ሲረጋገጥ፣ የዘላቂ ጉዳት ክፍያ የሚያገኝበት ቀን ሲደርስ ወይም ሥራ ካቆመ 12 ወር ሲሞላው ነው።

የእኛን ልጅ እናስላው። በቀን 400 ብር፣ በወር በአማካይ 25 ቀን ቢሠራ የወር ገቢው 10,000 ብር ነው። ቁስሉ ደርቆ እጁን ማንቀሳቀስ እስኪችል አምስት ወር ፈጀበት እንበል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 30,000 ብር፣ ለአራተኛውና ለአምስተኛው ወር በወር 7,500፣ በድምሩ 45,000 ብር ይገባዋል።

አሠሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚያሰላው በሌላ መንገድ ነው፤ ክፋት እንኳ ሳይኖርበት። ማንኛውም ሠራተኛ ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም ሲታመም የሚያገኘው የሕመም ፈቃድ አለ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ደሞዝ። ሒሳብ ሠራተኛው የሚያውቀው ይህንን ስለሆነ ለተጎዳውም ይህንኑ ይሠራለታል። በዚህ ስሌት ልጃችን በአምስት ወር የሚያገኘው 20,000 ብር ብቻ ነው። በሁለቱ ስሌቶች መካከል 25,000 ብር አለ፤ ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይጣላ፣ በተሳሳተ አምድ በመጻፉ ብቻ የጠፋ። ጉዳት ደርሶበት በሁለተኛው ወር ግማሽ ደሞዝ የተከፈለው ሰው ካያችሁ በሕመም ፈቃድ ተሰልቶለታል ማለት ነው።

የቀን ሠራተኛ ላይ ግን ስሌቱ የሚጀምርበት ቁጥር ራሱ ያከራክራል። ሕጉ የሚመለከተው ከጉዳቱ በፊት የነበረውን አማካይ ደሞዝ ነው። አሠሪው «በወር አሥራ አምስት ቀን ብቻ ነበር የሚመጣው» ካለ፣ 10,000 ብር የነበረው ወደ 6,000 ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰላው ሁሉ አብሮ ይወርዳል። ይህን የሚፈታው የፎርማኑ ደብተር ነው። በስልኩ ፎቶ ያነሳው፣ በባንክ የተላለፈ ደሞዝ ካለም መግለጫውን ያወጣው ሰው ተጠቅሟል። አብረው የሚሠሩ ሰዎችም ይመሰክራሉ።

ውል አለመፈረሙ ልጁን አይጎዳውም። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት፣ ባይሰጥ ግን ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ከዚያ ይልቅ በግንባታ ሥራ ላይ የሚያስቸግረው አሠሪው ማነው የሚለው ነው። ወልድያ ላይ ሰው ፎቅ ያሠራል፤ ሥራውን ለአንድ ግንበኛ በኮንትራት ይሰጠዋል፤ ግንበኛው የቀን ሠራተኞች ይቀጥራል። አንዱ ከመወጣጫው ሲወድቅ የቤቱ ባለቤት «እኔ ኮንትራት ሰጥቻለሁ» ይላል፣ ግንበኛው «እኔም እንደ እሱ ሠራተኛ ነኝ» ይላል። በራሱ የሙያ ኃላፊነት ተዋውሎ የሚሠራ ሰው በዐዋጁ እንደ ሠራተኛ ስለማይታይ ሁለቱም ክርክር ከንቱ አይደለም። የሚለየው በተግባሩ ነው፤ ጠዋት ሥራ የሚያዘው ማነው? ቀን የሚቆጥረው፣ ብር የሚከፍለው፣ «ነገ እንዳትመጣ» ማለት የሚችለው ማነው? መለየት ካስቸገረ ሁለቱንም በአንድ ክስ ላይ አስቀምጦ ፍርድ ቤቱ እንዲለይ ማድረግ ይቻላል። አንዱን መርጦ ከስሶ፣ «ተከሳሹ አሠሪ አይደለም» ተብሎ፣ እንደገና መጀመር ግን ጊዜ ይበላል፤ ጊዜው ለምን ውድ እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በመሃል አንድ ነገር ልጨምር፣ መንገድ ላይ ስላለው አደጋ። አሠሪው ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው ወይም ለዚሁ በተከራየው መኪና ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የደረሰ ጉዳት እንደ ሥራ ላይ አደጋ ይቆጠራል። ወደ ግራና በኩል ወደሚገኝ እርሻ ሠራተኛ ጭኖ የሚሄድ ፒክአፕ ቢገለበጥ፣ አደጋው የደረሰው እርሻው በር ሳይደርሱ ነው ተብሎ አይታለፍም። በራሱ ባጃጅ ተሳፍሮ ሲሄድ የተጎዳ ሰው ግን በዚህ አይሸፈንም።

ሦስተኛው ክፍያ ለማይመለሰው ነው። የልጁ ሁለት ጣቶች አይበቅሉም፤ ይህ ዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት ይባላል። መጠኑን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው፤ በተቻለ መጠን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ እንዲወሰን ሕጉ ይፈልጋል። ከቦርዱ በፊት ስለዚህ ክፍያ የሚነገር ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ቦርዱ 20 በመቶ አለ እንበል፣ ለስሌቱ።

ከዚህ በኋላ መጠየቅ ያለበት ልጁ በጡረታ ተመዝግቧል ወይ የሚለው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በጡረታ ሲታቀፍ ከደሞዙ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ የዘላቂ ጉዳት ክፍያውን የሚያገኘው በጡረታ ሕጉ መሠረት ከፈንዱ ነው፣ ወይም ድርጅቱ የገባው መድን ካለ በመድኑ። መቶኛው፣ መሥራት መቻሉና የጡረታ ሕጉ ስሌት ተደምረው በየወሩ ወይም በአንድ ጊዜ የሚከፈለውን ይወስናሉ። ሕክምናው እና ባልሠራባቸው ወራት የሚከፈለው ደሞዝ ግን ጡረታ ቢኖርም ባይኖርም የአሠሪው ነው።

የብሎኬት ማምረቻው ልጅ እንደ አብዛኛው የቀን ሠራተኛ ጡረታ ውስጥ የለም። እንዲህ ላለው ሰው አሠሪው ራሱ በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ የሆነ ሰው የዓመት ደሞዙን አምስት እጥፍ ያገኛል፤ በከፊል የተጎዳው ደግሞ ከዚያ ላይ የጉዳቱን መቶኛ። የልጁ የዓመት ገቢ 120,000 ብር፣ አምስት እጥፉ 600,000 ብር፣ የዚያ 20 በመቶ 120,000 ብር ነው። ቀደም ሲል ያሰላነውን 45,000 ስንጨምርበት፣ ሕክምናውን ሳንቆጥር፣ 165,000 ብር። ይህ ገንዘብ ግብር አይቆረጥበትም፤ ለዕዳም አይያዝም። አሠሪው «ባለፈው ለመስቀል ያበደርኩህን ልቀንስ» ማለት አይችልም።

ሠራተኛው ከሞተ ደግሞ፣ ጡረታ በሌለበት፣ ያው የአምስት ዓመት ደሞዝ ለቤተሰብ ይከፋፈላል፤ ለባል ወይም ለሚስት 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ በእሱ ይረዱ ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 10 በመቶ። የቀብር ወጪም በአሠሪው ነው፣ ከሁለት ወር ደሞዝ ያላነሰ።

በወሎ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ የሚመጣው ሽማግሌ ነው፣ ክስ ሩቅ ነው። ይህን በክፉ አላየውም፤ ልጁ ነገ ያንኑ ሰፈር የሚኖርበት ነው። የሚያሳዝነኝ ሽማግሌው የሚጠራበት ጊዜ ነው። አደጋው በደረሰ በሁለተኛው ሳምንት፣ ፋሻው ሳይፈታ፣ ቦርድ ሳይታይ፣ 20,000 ወይም 30,000 ብር ቀርቦ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ ያስፈርማሉ። ያን ዕለት ልጁ ጉዳቱ 5 በመቶ ይሁን 20 በመቶ አያውቅም፤ ሽማግሌዎቹም አያውቁም። ስለዚህ ስለ ጣቶቹ የሚደረግ እርቅ የቦርዱ ወረቀት እስኪመጣ ይቆይ። እስከዚያ ሽማግሌዎቹ የሚያስማሙበት ሌላ ነገር አለ፤ ሕክምናው እንዲከፈልና የወሩ ደሞዝ እንዳይቋረጥ።

የሽማግሌ ስብሰባ ሌላም ጥቅም አለው፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ፣ ሌላ ጊዜ በተለይ ካልተወሰነለት፣ መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ለደሞዝ ጥያቄ ደግሞ ስድስት ወር ነው፤ ስለዚህ በየወሩ የሚከፈለው ሲቋረጥ ጠበብ ያለውን ጊዜ አስቦ መሄድ ይሻላል። «ዛሬ ነገ እከፍልሃለሁ» እየተባለ ያለፈው ጊዜ ሁሉ ከዚህ ላይ ይቆጠራል። ያልኳችሁ ውድ ጊዜ ይህ ነው። አሠሪው የልጁን መብት በግልጽ ካመነ ግን ይርጋው ይቋረጣል፣ እንደገና መቁጠር ይጀምራል፤ በዚህ መንገድ ማቋረጥ የሚቻለውም ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት «በሥራ ላይ መጎዳቱን አምናለሁ፣ ቦርዱ የወሰነውን እከፍላለሁ» የሚል ጽሑፍ ተጽፎ፣ ቀን ተጥሎበት፣ አሠሪው ከፈረመበት፣ ያ ወረቀት ከ30,000 ብሩ የበለጠ ዋጋ አለው። በቃል ከሆነ ግን አሠሪው ነገ ቢክድ ማስረዳቱ የልጁ ዕዳ ይሆናል።

አሠሪው የማሽኑን መከላከያ አንስቶት ኖሮ፣ ወይም ማሽኑ እንደተበላሸ እያወቀ አሠርቶት ከሆነ፣ ያ ጥፋት ነው፤ ጥፋት ደግሞ በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለብቻው ያስጠይቃል። ዐዋጁ የሚሰጠው ክፍያ ይህንን በር አይዘጋም። እዚህ ላይ ግን ሠራተኛው ጥፋቱን ማስረዳት ስላለበት የሕግ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ክሱ ለሐብሩ ሰው ቤቱ አጠገብ ነው፤ የሥራ ክርክር በመጀመሪያ ደረጃ የሚታየው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው፣ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማም መርሳ ናት። ሠራተኛው ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። በውሳኔው ያልረካ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ልጃችን ወደዚያ በር ሲሄድ እጁ ላይ ቢኖሩ የምመኛቸው እነዚህ ናቸው፤ «ሥራ ላይ» የሚል ቃል ያለበት የሆስፒታል ካርድ ቅጂ፣ በላስቲክ የታሠሩ ደረሰኞች፣ የፎርማኑ ደብተር ፎቶ፣ የቦርዱ ወረቀት፣ ሽማግሌዎቹ ያስፈረሙት ጽሑፍ፣ እና በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሻሹን ያሰረለት ጓደኛው።